ሩብሪኩ የሚለካው የቱን ችሎታ ነው?

የደም ግፊት አለካክ ፈተና የሚታረምበትን ሩብሪክ እንውሰድ። አሥር መስመሮች አሉት፦ እጅ መታጠብ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ማድረግ፣ ውጤቱን መመዝገብ፣ ወዘተ። ሁለት ፈታኞች ሳይመካከሩ ለአንዷ ተማሪ 9 ከሰጡ፣ በሌሎቹ ተማሪዎችም እንዲሁ ከተስማሙ፣ ሩብሪኩ አስተማማኝ ነው።

ተገቢነቱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ተማሪዋ 142/88 የሆነውን 124/80 ብላ ብትጽፍስ? ሩብሪኩ የሚጠይቀው መመዝገቧን እንጂ በትክክል መስማቷን ስላልሆነ 9ኙ አይነካም። ፈታኞቹ የተስማሙት በዓይን የሚታየውን ብቻ ስላረሙ ነው።

ይህን ለማጣራት ሁለት ሰው አብሮ የሚያዳምጥበት የማስተማሪያ ስቴቶስኮፕ ይጠቅማል። ፈታኙ አብሮ እየሰማ የራሱን ንባብ ይጽፋል፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ተማሪ ነጥብ ከንባብ ስሕተቱ ጋር ይነጻጸራል። 9 ያገኙት 5 ያገኙትን ያህል ከተሳሳቱ፣ ሩብሪኩ የለካው ቅደም ተከተል ማስታወስን ነው።

እንግዲህ አንድ መስመር ይጨመር፦ ለምሳሌ «ንባቡ ከፈታኙ ንባብ ከ4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ አይራቅ»። ይህን መስመር ያላሟላ ተማሪ በሌሎቹ ነጥቦች ማለፍ የለበትም። አንድ ንባብ በአጋጣሚ ሊገጥም ስለሚችል ደግሞ በሁለት ሰዎች ላይ ይለካ።