ቀሪው ክፍያ ሳይከፈል

ሰላም ከዱባይ የገባች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2008 ሥሪት የሆነች ቪትዝ ለመግዛት ቀብድ ከፍላለች። ቀሪውን ከመክፈሏ በፊት የአባቷን ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡትን መካኒክ ልታማክር ቤታቸው ሄደች።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ሻጩ «ዘይቷ ገና አዲስ ነው፣ ቤንዚን ብቻ ሞልተሽ ንጂ» ብሎኛል።

ጋሼ፦ የትኛው ዘይት? ሻጭ «ዘይት ቀይሬያለሁ» ሲል የሞተሩን ማለቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመቀየር ቀላሉ ነው። የፍሬኑ፣ የራዲያተሩና የካምቢዮው ፈሳሽ መቼ እንደተቀየረ አይነግርሽም፤ ራሱም ላያውቅ ይችላል። ማስረጃ እስካላየሽ ድረስ አንዱም አልተቀየረም ብለሽ ተነሺ።

ሰላም፦ ለዚሁ ብዬ 20,000 ብር ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ ልሄድባት ነው። ከየቱ ልጀምር?

ጋሼ፦ ዓባይ በረሃን ልትወርጂባት ነዋ! እንግዲያው ከፍሬኑ ጀምሪ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚሉት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ዓመታት አልፈውት እርጥበት ሲገባው ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን እየረገጥሽ ብትወርጂ ጎማዎቹ ጋ ያለው ሙቀት እዚያ ይደርሳል። ዘይቱ ሲፈላ ተን ይሆናል። ተን ይጨመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናዋ ግን አትቆምም።

ሰላም፦ ቀለሙን አይቶ ማወቅ አይቻልም?

ጋሼ፦ ከጠቆረ ማርጀቱን ያሳያል፤ ንጹሕ መምሰሉ ግን እርጥበት የለውም ማለት አይደለም። አንድ ሊትር ገዝተሽ በአራቱም ጎማ በኩል አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪመጣ ይቀየርልሽ። ሌላም ነገር አለ። ከጃፓን የወጣች ቪትዝ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደ ግራ ሲዞር የፍሬኑ ማስተር አብሮ ይዛወራል፤ ቱቦው ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ይቀጠላል። ሲቀይሩልሽ መካኒኩ መጋጠሚያዎቹን በባትሪ አብርቶ ይይልሽ። ላብ የመሰለ እርጥበት ካለ ዘይት መቀየሩ ብቻ ዋጋ የለውም።

ሰላም፦ ቀጥሎስ ሞተሩ?

ጋሼ፦ ሞተሩን የሚያድነው ከሁሉ በፊት የራዲያተሩ ፈሳሽ ነው። ነገ ማለዳ ሞተሯ ሳይነሣ ሻጩ ቤት ሂጂ፤ «አሙቄ ልጠብቅሽ» ካለሽ እምቢ በይ። በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። በትኩሱ ከከፈትሽው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ንጹሕ ከሆነ መልካም። እንደ ዝገት ቡናማ ከሆነ ለብዙ ጊዜ የቧንቧ ውሃ ሲሞላባት ኖሯል። ዘይት ከተንሳፈፈበት ወይም ክሬም የመሰለ ነገር ክዳኑ ሥር ከተለጠፈ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል ብለሽ ጠርጥሪ፤ ያኔ ቀብድሽን ጠይቀሽ ተመለሺ።

ሰላም፦ ውሃ ቢሆንስ ምን ችግር አለው? ሁሉም ሰው ውሃ ነው የሚሞላው።

ጋሼ፦ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሞተርሽ ደግሞ በደህናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ጥሩ ክዳን ውስጡን በግፊት ስለሚይዘው መፍያው ብዙ ከፍ ይላል። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግን በሁለት ዲግሪ ልዩነት ነው የምትነጂው፤ የእንጦጦ ዳገት ያፈላታል። ውሃ ብቻውን ደግሞ አሉሚኒየሙን ይበላል፤ ቴስታታው ቢጣመም በአንድ ቀን ደመወዝሽን ይጨርሳል። ስለዚህ አራት ሊትር ገደማ ተዘጋጅቶ የተበጠበጠውን ኩላንት ግዢ፤ በላዩ ውሃ አትጨምሪበት። ክዳኑንም አብረሽ ቀይሪ። ሲሞላ ቀስ ተብሎ፣ የውስጥ ማሞቂያው ሙቅ ላይ ተደርጎ፣ አየሩ እስኪወጣ ይጠበቅ። አየር ከቀረበት ኩላንቱ ጥሩ ሆኖም ትሞቃለች።

ሰላም፦ እሺ፣ የሞተሩ ዘይት?

ጋሼ፦ ባለ 1000 ሲሲዋ ከነፊልትሮው ከሦስት ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው የምትይዘው። ባለ አራት ሊትሩን ገዝተሽ ትርፉን አስቀምጪ። ወፍራም ዘይት ድምፅ ስለሚደብቅ ሻጮች ይወዱታል፤ እንዲያውም አዲስ ነው ያለሽን የማስወጣው ለዚህ ነው። 5ደብልዩ-30 አስገቢ፤ ድምፅ ካላት ያኔ ትሰሚዋለሽ።

ሰላም፦ ካምቢዮውስ? ጋራዡ «ቀዩን የአውቶማቲክ ዘይት እንሞላልሻለን፣ ርካሽ ነው» አለኝ።

ጋሼ፦ እንዳታስነኪ! መጀመሪያ የመኪናዋን ሰሌዳ አንብቢ፤ ኮፈኑ ሥር ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈችውን ትንሿን ብረት ማለቴ ነው። የካምቢዮው መለያ በእንግሊዝኛው «ኬ» ከጀመረ ሲቪቲ ነው። በ«ኤ» ወይም በ«ዩ» ከጀመረ የተለመደው አውቶማቲክ ነው። ሲቪቲ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀያየር ማርሽ የለም፤ ሁለት ፑሊዎች መካከል የሚዞር የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ቀበቶው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው የራሱ ዘይት ነው። ሌላ ዘይት ከገባ ብረት ብረትን ይፍቃል፤ ያንን የሚጠግን ሰው ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ሰላም፦ ከመግዛቴ በፊት ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጋሼ፦ ከቆመችበት ቀስ ብለሽ አስነሻት። ከተንቀጠቀጠች ወይም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልተከተለ ተዪያት። ስትቀይሪ ደግሞ የወጣው ዘይት በመለኪያ ዕቃ ይለካ፣ ያንኑ ያህል ይግባ፣ ከዚያ ሲሞቅ ልኩ ይታይ። የካምቢዮው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ቢኖር የተለመደ መፋቅ ነው፤ የብረት ስባሪ ከታየ ግን አልቆለታል። በማሽን ይታጠብ ካሉሽ እምቢ በይ። አሮጌው በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ከጥቂት ወራት በኋላ ትደግሚዋለሽ።

ሰላም፦ ገንዘቡ ይበቃኛል?

ጋሼ፦ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ሊትሩ ግን ያው ነው። ሱቁ ስንት አለሽ?

ሰላም፦ የሞተር ዘይት ሊትሩ 1,100፣ ፊልትሮ 700፣ ኩላንት ሊትሩ 500፣ የራዲያተር ክዳን 800፣ የፍሬን ዘይት ግማሽ ሊትሩ 600፣ የሲቪቲው ሊትሩ 1,800።

ጋሼ፦ ጻፊ። ፍሬን 1,200፤ ኩላንትና ክዳን 2,800፤ የሞተር ዘይት ከነፊልትሮው 5,100። ይህ 9,100 ነው። ለሠራተኛ 2,000 ብንይዝ 11,100 ይሆናል፤ እሱን በዚህ ሳምንት ጨርሺ። በእጅሽ 8,900 ይቀራል። የሲቪቲው አራት ሊትር 7,200፣ ሠራተኛው 1,000። 700 ብር ተረፈሽ። ጥብቅ ነው፤ ስለዚህ ኩላንቱ ቡናማ ሆኖ ካገኘሽው ለሻጩ አሳዪውና ቢያንስ የኩላንቱንና የክዳኑን 2,800 ከዋጋው አስቀንሺ። ገንዘቡ ካጠረሽ የሲቪቲውን ከፋሲካ በኋላ አድርጊ፤ ፍሬኑን ግን አታቆዪ።

ሰላም፦ ጋራዡ የጻፈልኝ ዝርዝር ላይ የመሪ ዘይትም አለ፤ እሱን ረሱት?

ጋሼ፦ አልረሳሁትም። የዚህች ቪትዝ መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው፤ ኮፈኑን ብትከፍቺ የመሪ ዘይት ማጠራቀሚያ አታገኚም። ያንን መስመር ሰርዢው፣ ከቻልሽም ጋራዡን ቀይሪ።