የሪፖርትን ሐተታ ከሠንጠረዡ ጋር የማመሳከር አሠራር

በአንድ ሪፖርት ሐተታ የተጠቀሱ አኃዞች ከሪፖርቱ ሠንጠረዦች ጋር መስማማታቸውን የሚያረጋግጥ አራሚ፣ በመጀመሪያ በሐተታው ያለውን ቁጥር ሁሉ ያሰምርበታል፤ «ሲሶ» እና «በእጥፍ» የመሳሰሉት ቃላትም በፊደል የተጻፉ አኃዞች ስለሆኑ አይታለፉም። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎን የተገኘበትን ሠንጠረዥ፣ ረድፍና ዓምድ ይጽፋል፤ ከሠንጠረዡ ጋር ሲስማማም ምልክት ያደርግበታል። ሥራውን ከመጨረሻው አንቀጽ ጀምሮ ወደ ላይ መሥራት ይመረጣል፤ የሐሳቡ ፍሰት ሲቋረጥ ዓይን በትረካው ሳይወሰድ ቁጥሩ ላይ ያርፋልና።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው በሠንጠረዡ ውስጥ በቀጥታ የማይገኝ፣ ጸሐፊው አስልቶ ያወጣው አኃዝ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚጠበቀው ቁመት የሌላቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 38 በመቶ ነበሩ። ሐተታው «መቀንጨር በ20 በመቶ ቀነሰ» ቢል፣ ከ58 ላይ 38 ሲቀነስ 20 ስለሚመጣ አራሚው ትክክል መስሎት ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ 20 የመቶኛ ነጥብ፣ ማለትም በሁለት መቶኛዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። በመቶኛ የሚገለጸው ቅናሽ የሚገኘው ልዩነቱ ለመነሻው ሲካፈል ነው፤ 20 ለ58 ሲካፈል ወደ 34.5 በመቶ ይመጣል። ጥርጣሬ ከገባዎት ስሌቱን ወደ ኋላ ይሥሩት፦ የ58 ሃያ በመቶ 11.6 ስለሆነ፣ መቀንጨር በእርግጥ በ20 በመቶ ቀንሶ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ወደ 46 በመቶ በሆነ ነበር፤ ሠንጠረዡ ግን 38 ይላል።

ሁለተኛው አደገኛ ስሕተት ቁጥሩ ራሱ ትክክል ሆኖ፣ መቶኛው የተሰላበት ሕዝብ ሲለወጥ የሚፈጠረው ነው። የ2016ቱ ጥናት የእርግዝና መከላከያ ይጠቀማሉ ያላቸው 36 በመቶ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ባለትዳር ሴቶች መካከል ነው፤ «ከኢትዮጵያ ሴቶች 36 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ ያላገቡትንም ስለሚጨምር ሐሰት ይሆናል። ቁጥሩን ብቻ የሚያመሳክር ሰው ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት የሠንጠረዡን ርእስና የግርጌ ማስታወሻ ያንብቡ።

የተጠጋጉ መቶኛዎች ሲደመሩ 99 ወይም 101 መሆናቸው ግን ብቻውን ስሕተት አይደለም፤ የማጠጋጋት ውጤት ሊሆን ስለሚችል፣ ድምሩ በአስርዮሽ ቁጥሮቹ ተሠርቶ ይታያል።

የተገኘው ስሕተት ሲታረም፣ ያው አኃዝ በማጠቃለያው፣ በሥዕላዊ መግለጫዎቹና በመደምደሚያው ተደግሞ እንደሆነ ይፈለጋል። ከማመሳከሩ በኋላ አንድ ሠንጠረዥ እንኳ ከተለወጠ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረቱትን ምልክቶች በሙሉ ሰርዘው እንደገና ያመሳክሩ።