የተዛነፉ የሠንጠረዥ ዓምዶችን ከስካን ጽሑፍ መልሶ ማቀናጀት፦ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የቆጠራ ረድፎች እንደ ማሳያ

በወረቀት ታትሞ የቀረ ሠንጠረዥ ስካን ተደርጎ በጽሑፍ ለይቶ አንባቢ ሶፍትዌር ሲነበብ፣ አኃዞቹ በአብዛኛው በትክክል ቢወጡም እያንዳንዱ አኃዝ በየትኛው ዓምድ ሥር እንደነበረ ሊጠፋ ይችላል። መቀመጫው ከሚሴ የሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያለው ውጤት ለዚህ ችግር ጥሩ ማሳያ ነው። ከቦታው ስም ቀጥሎ ድምር፣ ወንድና ሴት የሚሉ ሦስት ዓምዶች አሉ እንበል። ክፍት ቦታ ባገኘበት ሁሉ ረድፉን የሚቆርጥ ፕሮግራም «ባቲ»ን በአንድ ሕዋስ፣ «ደዋ ጨፋ»ን ግን በሁለት ሕዋስ ያስቀምጣል። ከግራ የሚቆጥር ሰው የደዋ ጨፋን ድምር በወንድ ዓምድ ሥር ያገኘዋል። ስለዚህ ቆጠራው ከቀኝ ይጀምር፤ ከአኃዞቹ የተረፈው ሁሉ ስም ነው።

ከቀኝ መቁጠርም የሚሰናከልበት ጊዜ አለ፤ ሺዎችን የሚለየው ነጠላ ሰረዝ በንባብ ጊዜ ሲጠፋ። የዞኑ ረድፍ እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

```
457 278 227 328 229 950
```

ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ስድስቱን ቁራጮች በሦስት ሕዋስ መመደብ የሚቻልባቸው መንገዶች 10 ናቸው። ድምር ከወንድና ከሴት ጋር እኩል መሆን አለበት የሚለውን ሁኔታ የሚያሟላው ግን አንዱ ብቻ ነው፦ 457,278 = 227,328 + 229,950።

አንድም ምደባ ካልተስማማ ልዩነቱን ማየት ይጠቅማል። በወንድ አኃዝ ውስጥ ያለው 3 እንደ 8 ተነቦ 227,828 ቢሆን ልዩነቱ በትክክል 500 ይሆናል። አንድ አኃዝ ብቻ ከዜሮዎች ጋር የያዘ ልዩነት የአንዲት ፊደል ስሕተት ምልክት ነው፤ የዓምድ መዛነፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅግ የተራራቀ ልዩነት ያመጣል። ስሕተቱ ከሦስቱ ሕዋሳት በየትኛው እንዳለ ረድፉ ብቻውን አይናገርም፤ የወረዳዎቹን አኃዝ ወደ ታች ደምሮ ከዞኑ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የድምር ፍተሻ ጨርሶ የማያየው ጉድለትም አለ። ወንድና ሴት ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ አይናወጥም። ባዶ ሕዋስን የሚያመለክተው ጭረት ሲጠፋም፣ ለምሳሌ ገጠር የሌለው የከተማ ረድፍ ላይ፣ የቀሩት አኃዞች ወደ ጎረቤት ዓምድ ይሳባሉ። እዚህ ላይ የሚረዳው አኃዙ በገጹ ላይ የነበረበት ቦታ ነው።

```
tesseract page.png out --psm 6 tsv
```

ይህ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ቃል `left` እና `width` የሚሉ ልኬቶችን ይሰጣል። የታተሙ አኃዞች በተለምዶ በቀኝ ጠርዛቸው ስለሚደረደሩ መመደብ ያለባቸው በ`left` ሳይሆን በ`left + width` ነው። ገጹ በስካን ጊዜ ካዘመመ ግን ይህ ጠርዝ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ስለዚህ ማዘንበሉ ከንባቡ በፊት ካልተስተካከለ የታችኞቹ ረድፎች ብቻ ወደ ተሳሳተ ዓምድ ይገባሉ።