ቢላው መቼ ይግባ?

ሰላም፦ ጋሼ ተሰማ፣ አይብ ስናወጣ አሬራውን ማሞቅ ይበቃናል። ለጋውዳ ቺዝ ሬኔት ለምን አስፈለገ?

ጋሼ ተሰማ፦ አይቡን የሚያረጋው የአሬራው መኮምጠጥና ሙቀቱ ነው። ሬኔት በሌላ መንገድ ይሠራል። ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን በደቃቅ ድብልብል ሆኖ በወተቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ላዩን የሸፈነው ፀጉር መሰል ነገር እርስ በርስ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ሬኔት ያንን ይቆርጠዋል። ከዚያ በካልሲየሙ ረዳትነት ድብልብሎቹ ይያያዙና ወተቱ ሳይኮመጥጥ ይረጋል። በፕሬስ ሲጫኑት እንደ አንድ የሚገጥመው ለዚህ ነው።

ሰላም፦ እኔም ወተቱን በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ፓስቸራይዝ አደረግሁና ወደ 32 አቀዘቀዝሁት። እርሾውን ጨምሬ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ ሬኔቱን ከተትሁ። መመሪያው በ30 ደቂቃ ቁረጪ ይላል። ስቆርጠው ግን አጓቱ እንደ ወተት ነጣ።

ጋሼ ተሰማ፦ ሳይደርስ ቆርጠሽዋል። አጓት ጥርት ብሎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ መሆን አለበት። ከነጣ ቅቤውና ፕሮቲኑ አብሮ እየፈሰሰ ነው፤ ያ ሁሉ ቺዝሽ ነበር። ሰዓቱን ከወተቱ እንጂ ከመመሪያ አትውሰጂ። ሬኔቱን ከጨመርሽ በኋላ ቀላል የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሳህን አንሳፍፊበትና በየደቂቃው በጣትሽ አሽከርክሪው። አልዞርም ብሎ ሲቆም ሰዓትሽን እይ። 14 ደቂቃ ከሆነ ለጋውዳ በ3 አባዢው፤ ሬኔቱ ከገባ በ42ኛው ደቂቃ ትቆርጫለሽ። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ቢላውን ሰካ አድርገሽ ቀና አድርጊው፤ ስንጥቁ በጥራት ተከፍቶ ንጹሕ አጓት ከሞላው ደርሷል።

ሰላም፦ ሳህኑ በ25 ደቂቃም ባይቆምስ?

ጋሼ ተሰማ፦ ሬኔቱን በምን ውሃ በጠበጥሽው?

ሰላም፦ በቧንቧ ውሃ።

ጋሼ ተሰማ፦ ክሎሪን ሬኔትን ያዳክማል፤ ክሎሪን የሌለበት ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሚ። ማሞቁም ካልሲየሙን ስለሚነካው ለ100 ሊትር ከ10 እስከ 20 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ አስቀድመሽ ጨምሪ።

ሰላም፦ ከተቆረጠ በኋላ ሙቅ ውሃ የሚገባው ለምንድን ነው?

ጋሼ ተሰማ፦ የወተቱን ስኳር ለመቀነስ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ያህል አድርገሽ ቆርጠሽ፣ ለ5 ደቂቃ አሳርፈሽ፣ በዝግታ ታማስያለሽ። ከዚያ ከአጓቱ ሲሶ ያህሉን ቀድተሽ በምትኩ ሙቅ ውሃ ቀስ በቀስ ትጨምሪያለሽ፤ ሙቀቱ 37 ገደማ ሲደርስ ይበቃል። ስኳሩ ካልታጠበ ባክቴሪያዎቹ ከልክ በላይ ያኮመጥጡታል፤ ቺዙም ይፈረፈራል።

ሰላም፦ ተጭኖ፣ በጨው ውሃ ተነክሮ፣ በ13 ዲግሪ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለው አንዱ ቺዝ ግን አብጧል።

ጋሼ ተሰማ፦ መቼ?

ሰላም፦ በአምስተኛው ሳምንት።

ጋሼ ተሰማ፦ በሁለት ቀን ውስጥ አብጦ እንደ ስፖንጅ ቢበሳሳ ኖሮ የዕቃና የእጅ ንጽሕና ጉድለት ነው እል ነበር። ዘግይቶ ሲያብጥና ሲቆረጥ መጥፎ ሽታ ሲኖረው የምጠረጥረው ክሎስትሪዲየም የተባለውን ባክቴሪያ ነው። ዘሩ ፓስቸራይዜሽንን ይቋቋማል፤ ከተበላሸ ሳይሌጅና ከእበት በላም ጡት በኩል ወደ ወተቱ ይገባል። ነገ ወተቱን ወደምትረከቢበት በረት ሄደሽ ላሞቹ ምን እንደሚበሉና ጡታቸው ከመታለባቸው በፊት እንዴት እንደሚታጠብ እይ።