የዶላሩ ትርፍ ስንት ነው?

ጠያቂዋ ውጭ አገር ሠርታ ያገኘችውን በዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ያስቀመጠች ወጣት ናት። መላሹ ሳሊተ ምሕረት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የባንክ ባለሙያ ናቸው።

— ጋሼ፣ ጥቅምት 2010 ላይ 3,000 ዶላር፣ ሰኔ 2016 ላይ 1,000 ዶላር አስገባሁ። ምንዛሪው መጀመሪያ 27፣ ኋላ 57 ብር ግድም ነበር። አማካዩ 42 ነውና መነሻዬን 168,000 ብር ብዬ ልያዝ?

— አይ ልጄ፣ የገባው መጠን እኩል አይደለም። እያንዳንዱን በገባበት ቀን ዋጋ አባዢው። 81,000 እና 57,000፣ ድምሩ 138,000 ብር ነው። አሁን ባንክሽ ዶላሩን በስንት ይገዛል?

— መሸጫው ላይ ያየሁት...

— መሸጫው ላንቺ አይሆንም፤ ዶላርሽን የምትሸጪው ለባንኩ ነውና የሚመለከትሽ መግዣው ነው። ለስሌት 150 እንበል። 600,000 ብር ይሆናል፤ ልዩነቱ 462,000።

— ብዙ ነው ጋሼ!

— በብር ሲቆጠር ብዙ ነው። ግን ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ ቀደም ብሎ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ያ 3,000 ዶላር በ57 ሂሳብ 171,000 ብር ነበር። ከ81,000 ተነስቶ ከእጥፍ በላይ አደገ ትያለሽ። በእነዚያ ዓመታት ግን የአገሩ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ያኔ በ81,000 ብር የሚገዛው ዕቃ ከ243,000 በላይ ይጠይቅ ነበር። በቁጥር አትርፈሽ በመግዛት አቅም ከስረሽ ነበር ማለት ነው። ምንዛሪው በመንግሥት ተይዞ ቀስ እያለ ሲሄድ ዋጋው ቀደመው።

— በብር ባስቀምጠውስ ይሻል ነበር?

— ይባስ ነበር። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። 81,000 ብር በስምንት ዓመት፣ ወለዱ ወለድ እየወለደ፣ 139,000 ግድም ይደርሳል። የዶላርሽ ተመጣጣኝ 450,000 ነው።

— እውነተኛውን ትርፍ በምን ልለየው?

— 150ን ለ27 አካፍዪ፤ 5.6 ይመጣል። አንቺ ብሩን ልታውዪው የምትፈልጊው በምንድን ነው?

— እዚሁ ሰፈር ቤት ልከራይበት።

— እንግዲያው በ2010 በ8,000 ብር ይከራይ የነበረ ቤት ዛሬ 45,000 ግድም ከተጠየቀበት፣ 3,000ው ዶላር አላተረፈም፣ አልከሰረም። ከዚያ ካለፈ ከስረሻል። ኪራዩን ለብቻው፣ ጤፉንና ዘይቱን ለብቻው ፈትሺ፤ ሁሉም እኩል አልናረም።

— ሁለተኛዋ 1,000 ዶላርስ?

— እሷን ከመጀመሪያው ጋር አትቀላቅዪ። 57 ወደ 150 ሲሄድ 2.6 እጥፍ ነው፤ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ አጠቃላይ ዋጋ እጥፍ እንኳ አልሆነም። ሁነኛው ትርፍሽ ያለው በእሷ ላይ ነው፤ እሱም ዶላሩን መንዝረሽ ብሩን እስክታገኚ ድረስ ግምት ነው።