ከ40 ተማሪዎች 55 በመቶው ሴቶች ከሆኑ

ጥያቄ፦ ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። «በአንድ ክፍል 40 ተማሪዎች አሉ፤ 55 በመቶው ሴቶች ናቸው። ሴቶቹ ስንት ናቸው?» ለሚል የቤት ሥራ 15 ብላ መልሳ ተሳስታለች። እኔም ላስረዳት አልቻልኩም። እንዴት ይሠራል?
አባት፣ ከጀውሃ

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ልጅዎ ከ55 ላይ 40 የቀነሰች ይመስለኛል። ሁለቱንም ቁጥሮች የሰው ብዛት አድርጋ ወስዳለች ማለት ነው። የሰው ብዛት ግን 40ው ብቻ ነው። 55 የሚነግረን ተማሪዎቹ መቶ ቢሆኑ ኖሮ ሴቶቹ ስንት ይሆኑ እንደነበር ነው።

በቃል ማስላቱ ለልጆች ይቀላል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የ40ን ግማሽ ትፈልግ፤ 20 ነው፤ ይህ 50 በመቶው ነው። የቀረው 5 በመቶ ነው። የ40 አሥር በመቶ 4 ስለሆነ፣ አምስት በመቶው የዚያ ግማሽ፣ 2 ይሆናል። 20 እና 2 ሲደመሩ 22 ሴቶች። በደብተር ላይ ደግሞ 40 × 55 = 2200፣ 2200 ÷ 100 = 22 ተብሎ ይጻፋል።

15 ስህተት መሆኑን ሳታሰላም ማወቅ ትችል ነበር። 55 በመቶ ከግማሽ ይበልጣልና መልሱ ከ20 ማነስ የለበትም። ወንዶቹም 18 ይሆናሉ፤ 22 እና 18 ሲደመሩ 40 ይመጣል።

ተማሪዎቹ 42 ቢሆኑ ስሌቱ 23.1 ይሰጣል። የሰው ቁጥር ክፍልፋይ ስለሌለው ሴቶቹ 23 ናቸው፤ 55 የተባለውም የተጠጋጋ ቁጥር ነው።

ግማሽና አንድ አሥረኛን ማግኘት የሚያስቸግራት ከሆነ ግን ጉዳዩ ከመቶኛ በፊት ያለው የክፍልፋይ ትምህርት ነው፤ ደብተሯን ይዘው የሒሳብ መምህሯን ቢያነጋግሩ መልካም ነው።