ስሕተት ወይስ ሥርዓት? ደንጋጊና ገላጭ ሰዋስው በዶሎ ኦዶ የቋንቋ ሁኔታ ሲታዩ

«ሕግ» የሚለው ቃል በሰዋስው ጥናት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይወክላል። ደንጋጊ ሰዋስው ሕግ የሚለው ተናጋሪው ሊከተለው ይገባል ተብሎ የተወሰነውን ነው። ገላጭ ሰዋስው ሕግ የሚለው ደግሞ ተናጋሪው ማንም ሳያዝዘው የሚከተለውን ሥርዓት ነው። አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሕፃን «አዲሱን ቤት አየሁ» ይላል እንጂ «አዲስ ቤቱን አየሁ» በማለት ያንኑ ሐሳብ አይገልጽም። ውስን አመልካቹና ተሳቢ አመልካቹ ከስሙ ተነሥተው ወደ ቅጽሉ እንዲሄዱ ያስተማረው መምህር የለም። ይህ የገላጭ ሰዋስው ሕግ ነው። «መምህራኖች» አይባልም፤ «መምህራን» ራሱ ብዙ ቁጥር ነው የሚለው ግን ደንጋጊ ሕግ ነው። መከልከል ያስፈለገውም ብዙ ሰው ስለሚናገረው ነው።

የሁለቱ አካሄዶች ልዩነት በጉልህ ከሚታይባቸው ጉዳዮች አንዱ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። በጥንታዊው ግእዝ «ሐ» ጉሮሮን በማጥበብ የሚነገር፣ ከ«ሀ» የተለየ ድምፅ ነበር፤ «ዐ»ም እንዲሁ ከ«አ» ይለያል። በአማርኛ እነዚህ ድምፆች ተዋሕደዋል። ደንጋጊው «ሕዝብ» በሐመሩ «ሐ»፣ «ዓለም» በዐይኑ «ዐ» ይጻፍ ይላል። ገላጩ ደግሞ የአማርኛ ተናጋሪ በንግግሩ ልዩነቱን እንደማያደርግ ይመዘግብና የጠፉት ድምፆች ዐሻራ ትተው እንደሆነ ይመረምራል። ዐሻራው አለ፦ የ«ሀ»፣ «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» የመጀመሪያው እርከን እንደ «ለ» ወይም «መ» በግእዝ አናባቢ ሳይሆን እንደ ራብዑ ይነበባል።

ተመሳሳይ ሂደት ገናሌና ዳዋ ወንዞች በሚገናኙባት በዶሎ ኦዶ አካባቢ በሶማልኛ ውስጥ ይገኛል። ከ2001 እስከ 2004 ዓ.ም. በአካባቢው የተከፈቱት አምስቱ የስደተኛ ጣቢያዎች፣ ማለትም ቦቆልማዮ፣ መልካዲዳ፣ ቆቤ፣ ሂለወይንና ቡራሚኖ፣ ከተቀበሏቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከባይ፣ ከባኮልና ከጌዶ የመጡ ናቸው። በባይና በባኮል በስፋት የሚነገረው «ማይ» የሚባለው ሶማልኛ ነው። መደበኛው ሶማልኛ የተመሠረተው «ማሓ» በሚባለው ወገን ላይ ነው። ስሞቹ ራሳቸው «ምን» ለሚለው መጠይቅ ሁለቱ ወገኖች ከሚጠቀሙባቸው ቃላት የተወሰዱ ናቸው። ማሓ «ሐ»ንና «ዐ»ን ጠብቆ ይዟል፤ ማይ ግን ልክ እንደ አማርኛ ሁለቱንም አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 የታወጀው የሶማልኛ የላቲን ፊደል ለ«ሐ» ኤክስን፣ ለ«ዐ» ሲን መድቧል።

በማይ አፉን የፈታ አንድ ተማሪ በመደበኛው ሶማልኛ ጽሕፈት ሲፈተን «ከብት» የሚል ትርጉም ያለውን «ሖሎ» «ሆሎ» ብሎ ጻፈ እንበል። ደንጋጊው መልሱን ስሕተት ይለዋል፤ በጽሕፈቱ መመዘኛ ትክክል ነው። ነጥቡ በዚህ ከቆመ ግን ተማሪው ፊደል አልለየም ወደሚል ድምዳሜ ይደረሳል፤ ከታች ክፍል እንዲደግም ሊደረግም ይችላል። ገላጩ የስሕተቱን ምንጭ በሦስት ደረጃ ይለያል። በመጀመሪያ የተማሪውን ግድፈቶች በሙሉ ይሰበስባል። ግድፈቶቹ በ«ሐ» እና «ሀ»፣ በ«ዐ» እና «አ» ጥንዶች ላይ ብቻ ከተወሰኑና ሌሎቹ ፊደላት በትክክል ከተጻፉ፣ ችግሩ የፊደል አለማወቅ አይደለም። ቀጥሎ «ሖግ» (ኃይል) እና «ሆግ» (መከራ) የሚሉትን ቃላት አሰምቶ ይለያቸው እንደሆነ ይጠይቃል። በመጨረሻም ተማሪው «ሀ» በሚገባበት ቦታ «ሐ» ይጽፍ እንደሆነ ያያል። ይህ ከልክ ያለፈ እርማት ሁለት ፊደላት መኖራቸውን ማወቁን፣ በየትኛው ቃል የትኛው እንደሚገባ ግን ጆሮው ሊነግረው አለመቻሉን ያመለክታል። በማሓ አፉን የፈታ ተማሪ ይህንኑ ስሕተት ቢሠራ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ገላጭ አካሄድ «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ማይም የራሱ ሕግ አለው፤ ተናጋሪዎቹ የማይቀበሉት አነጋገር በማይም ውስጥ ስሕተት ነው። ደንጋጊነትም ቦታ አለው፤ የጋራ ጽሕፈት ያለ ስምምነት አይቆምም። ስምምነቱ በማን አነጋገር ላይ ይመሥረት የሚለው ግን የቋንቋ ጥናት ብቻውን የሚመልሰው ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የጸደቀው የሶማሊያ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ማይንና ማሓን በስም ጠቅሶ ሁለቱንም በይፋዊው የሶማልኛ ቋንቋ ውስጥ አካቷል፤ ውሳኔው የመጣው ከፖለቲካ እንጂ ከድምፅ ትንተና አይደለም።

የገላጩ ግኝት የሚለውጠው መድኃኒቱን ነው። ድምፁን የማይለይ ተማሪ ፊደል ገበታውን ደጋግሞ ቢቆጥር «ሐ» የሚገባበትን ቃል አያውቅም። የሚጠቅመው ቃላቱን በዝርዝር፣ በዐይን ለይቶ ማጥናት ነው፤ አማርኛ ጸሓፊ «ሕዝብ»ን በ«ሐ» መጻፍ የሚማረው በዚሁ መንገድ ነው።